ስምንት ፕሮግራም፣ ስንት ክፍል? ቀኑን መጥረግ እና ሂፕ

እስቲ አንድ ቀን እናስብ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንድ የትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ የሚያካሂድበት ቀን ነው እንበል። ተማሪው ሥራውን ያቀርባል፣ ፈታኞች ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ውጤት ይነገራል። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አስተባባሪ በእጁ ያለው የሰዓት ዝርዝር ብቻ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ ለዚህ ቀን ቢያንስ ስንት ክፍል ያስፈልገኛል? አንድ ክፍል ቢጎድልበት አንድ ተማሪ ከነፈታኞቹ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ክፍል አትርፎ ቢይዝ ደግሞ እዚያ ሊማር የነበረ ሌላ ክፍል ተማሪ ትምህርቱ ይሰረዝበታል።

ምሳሌያችን ስምንት ፕሮግራም አለው። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1ኛ፦ ከ2:30 እስከ 4:00
2ኛ፦ ከ3:00 እስከ 5:30 (የቡድን ሥራ ስለሆነ ረዘም ይላል)
3ኛ፦ ከ3:30 እስከ 4:30
4ኛ፦ ከ4:00 እስከ 6:00
5ኛ፦ ከ4:30 እስከ 5:00
6ኛ፦ ከ5:00 እስከ 6:30
7ኛ፦ ከ7:30 እስከ 9:00
8ኛ፦ ከ8:00 እስከ 9:30

ከመቀጠላችሁ በፊት በግምት አንድ ቁጥር ያዙ።

ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ "በጣም የሚጋጨውን ፕሮግራም ልፈልግ።" እሱም 2ኛው ነው። ከ3:00 እስከ 5:30 ስለሚቆይ ከ1ኛው፣ ከ3ኛው፣ ከ4ኛው፣ ከ5ኛው እና ከ6ኛው ጋር ይገናኛል። አምስት ግጭት፣ ከራሱ ጋር ስድስት። ታዲያ ስድስት ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው? አይደለም። 1ኛው 4:00 ላይ ወጥቷል፣ 6ኛው ገና 5:00 ላይ ነው የሚገባው። ሁለቱም ከ2ኛው ጋር ይጋጫሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። ስለዚህ መቁጠር ያለብን አንድ ፕሮግራም ከስንቱ ጋር እንደሚጋጭ ሳይሆን በአንድ ቅጽበት ስንት ፕሮግራም አብሮ እንደሚካሄድ ነው። ትክክለኛው መልስ 3 ነው። እዚያ የሚያደርሱን ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ቀኑን መጥረግ

ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሚኒባስ አስቡ። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየመንደሩ ሰው ይሳፈራል፣ ይወርዳል። ረዳቱ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ የተሳፋሪዎቹን ስም መመዝገብ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ይደምራል፣ "ወራጅ አለ!" ሲባል አንድ ይቀንሳል፣ በቃ። በጉዞው ሁሉ የደረሰበት ትልቁ ቁጥር መኪናው ሊኖረው የሚገባው የወንበር ብዛት ነው።

ጠረጋ የምንለው ዘዴ ይኸው ነው። የመጀመሪያ ሰዓቶችን ብቻ ለይተን በቅደም ተከተል እንደረድራለን፣ የማብቂያ ሰዓቶችንም ለብቻቸው እንደረድራለን፦

መጀመሪያ፦ 2:30፣ 3:00፣ 3:30፣ 4:00፣ 4:30፣ 5:00፣ 7:30፣ 8:00
ማብቂያ፦ 4:00፣ 4:30፣ 5:00፣ 5:30፣ 6:00፣ 6:30፣ 9:00፣ 9:30

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊከነክናችሁ ይገባል። ሁለቱን ዝርዝሮች ለየብቻ ስንደረድር የትኛው ማብቂያ የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ጠፋብን። ለምሳሌ በሁለቱም ዝርዝር ሁለተኛ ቦታ ላይ ያሉት 3:00 እና 4:30 ናቸው፤ 3:00 የሚጀምረው 2ኛው ግን የሚያበቃው 5:30 ነው። መረጃ አልጠፋም ወይ? ጠፍቷል፤ ግን ለዚህ ጥያቄ የማያስፈልገን መረጃ ነው። ባዶ የሆነ ክፍል ማን እንደለቀቀው ግድ የለውም፣ ልክ ረዳቱ የወረደው ሰው ማን እንደሆነ ግድ እንደማይሰጠው። "እስከ 4:00 ድረስ ስንት ጀመረ፣ ስንት አበቃ" የሚለው ቁጥር ማንነትን ሳያውቁ በትክክል ይገኛል፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ አሁን የተያዙት ክፍሎች ብዛት ነው።

እንቁጠር። 2:30 ላይ 1፣ 3:00 ላይ 2፣ 3:30 ላይ 3። 4:00 ላይ አንዱ ያበቃል፣ 2 ይሆናል፤ ወዲያው አንዱ ይጀምራል፣ ተመልሶ 3። 4:30 ላይም እንደዚሁ ወደ 2 ወርዶ ወደ 3 ይመለሳል፣ 5:00 ላይም። ከዚያ በ5:30 ወደ 2፣ በ6:00 ወደ 1፣ በ6:30 ወደ 0 ይወርዳል። ከምሳ በኋላ 7:30 ላይ 1፣ 8:00 ላይ 2፣ 9:00 ላይ 1፣ 9:30 ላይ 0። ትልቁ ቁጥር 3 ነው።

በፓይተን ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ለውጠን እናስገባለን፤ 2:30 ማለት 150 ነው።

```python
def sweep(ms):
    s = sorted(a for a, b in ms)
    e = sorted(b for a, b in ms)
    j = now = best = 0
    for t in s:
        while e[j] <= t:
            j += 1
            now -= 1
        now += 1
        best = max(best, now)
    return best
```

ሁለተኛው መንገድ፦ ሂፕ

አሁን አስተባባሪው "3 ክፍል ይበቃሃል" ሲባል ቀጥሎ የሚጠይቀውን ገምቱ፦ "እሺ፣ 5ኛውን የትኛው ክፍል ላስገባ?" ጠረጋው ይህን አይመልስም። ማንነትን ገና ሲጀምር ጥሎታል።

ይህን የሚመልሰው አስተሳሰብ በር ላይ የቆመ ሰው ዓይነት ነው። ፕሮግራሞቹ በመጀመሪያ ሰዓታቸው ተሰልፈው ይመጣሉ። አንዱ በደረሰ ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከተያዙት ክፍሎች መካከል ቀድሞ የሚለቀቀው አሁን ተለቅቋል ወይ? ከተለቀቀ እሱን እንሰጣለን። ካልተለቀቀ ሌሎቹም አልተለቀቁም፣ ምክንያቱም ሁሉም ከእሱ በኋላ ነው የሚያበቁት። ስለዚህ አዲስ ክፍል እንከፍታለን።

ይህ እንዲሠራ "ከሁሉ ቀድሞ የሚያበቃው የቱ ነው?" የሚለውን ቶሎ ቶሎ የሚመልስ የመረጃ አደረጃጀት ያስፈልጋል። ሂፕ የተባለው ይህ ነው። ቃሉ በቁሙ ክምር ማለት ነው። ጄ. ደብልዩ. ጄ. ዊሊያምስ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ለመደርደሪያ ዘዴ ብሎ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ትንሹን ቁጥር ሁልጊዜ አናት ላይ ያስቀምጣል። ከሥሩ ያሉት ግን ሙሉ በሙሉ የተደረደሩ አይደሉም። እያንዳንዱ ቁጥር ከሥሩ ካሉት ሁለት "ልጆቹ" እንዳይበልጥ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉንም መደርደር ስለማያስፈልግ አናቱን ማውጣትም ሆነ አዲስ ማስገባት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይወስዳል።

ክፍሎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን እንሂድ። 1ኛው ክፍል ሀ ይገባል፤ ሂፑ ውስጥ "4:00፣ ሀ" ይቀመጣል። 2ኛው 3:00 ላይ ሲመጣ አናቱ 4:00 ነው፣ ገና ነው፤ ክፍል ለ ይከፈታል። 3ኛው 3:30 ላይ ሲመጣም አናቱ 4:00 ነው፤ ክፍል ሐ ይከፈታል። 4ኛው 4:00 ላይ ሲደርስ አናቱ 4:00 ነው፣ ተለቅቋል፤ ክፍል ሀን ይወስዳል፣ ማብቂያውም ወደ 6:00 ይቀየራል። አሁን አናት ላይ የወጣው 4:30 የሚለቀቀው ክፍል ሐ ነው። 5ኛው 4:30 ላይ እሱን ይወስዳል፣ 5:00 ላይ ሲለቅ ደግሞ 6ኛው ይተካዋል። ከሰዓት በኋላ 7ኛው ሲመጣ አናት ላይ ያለው 5:30 የተለቀቀው ክፍል ለ ነው፤ እዚያ ይገባል። 8ኛው ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሀ ይይዛል። የከፈትነው ክፍል 3 ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪም የት እንደሚገባ ታውቋል።

```python
import heapq

def heap_rooms(ms):
    h, rooms = [], 0
    for a, b in sorted(ms):
        if h and h[0][0] <= a:
            r = heapq.heappop(h)[1]
        else:
            rooms += 1
            r = rooms
        print(a, b, r)
        heapq.heappush(h, (b, r))
    return rooms
```

ኮዱ ክፍሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ያትማቸዋል፤ የእኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ ናቸው።

ለምን ሁለቱ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ?

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጠረጋው "3:30 ላይ ሦስት ፕሮግራም አብሮ እየተካሄደ ነው" ካለ ከ3 ባነሰ ክፍል የሚሠራ ማንም የለም፤ ሦስቱም በዚያች ደቂቃ ክፍል ውስጥ መሆን አለባቸው። በሌላ በኩል ሂፑ ሦስተኛውን ክፍል የከፈተው ሌሎቹ ሁለቱ በዚያች ቅጽበት ስለተያዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂፑ 3ኛ ክፍል ከከፈተ በእርግጥ ሦስት ፕሮግራም አብሮ የተካሄደበት ቅጽበት አለ። አንዱ ከታች ይገፋል፣ አንዱ ከላይ ይጫናል፤ መሃል ላይ የሚገናኙበት ቁጥር አንድ ነው።

ፍጥነታቸውስ? ሁለቱም ዋናውን ጊዜ የሚያጠፉት በመደርደር ላይ ነው። ለ1,000 ፕሮግራም መደርደር በግምት 10,000 ማወዳደር ይፈልጋል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ብናወዳድር ግን ወደ 500,000 ይሆን ነበር። ጠረጋው ሁለት ጊዜ ይደረድራል፣ ከዚያ ዝርዝሮቹን አንዴ ብቻ ያልፋቸዋል። ሂፑ አንዴ ይደረድራል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሂፑን ይነካካል። የሂፑ ቁመት የሚወሰነው በፕሮግራሞቹ ብዛት ሳይሆን በክፍሎቹ ብዛት ነው። ክፍሉ 3 ከሆነ ሂፑ ውስጥ ያለው ከሦስት አይበልጥም፣ ፕሮግራሙ ሺህ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ በፍጥነት ለመምረጥ አትጨነቁ። ቁጥሩን ብቻ ከፈለጋችሁ ጠረጋው አጭር ነው፤ ማን የት እንደሚገባ ከፈለጋችሁ ሂፑ ያስፈልጋችኋል።

የት ላይ ይበላሻል?

የመጀመሪያው ወጥመድ እኩል ሰዓት ነው። ከላይ ባሉት ሁለት ኮዶች `<=` የሚል ምልክት አለ። ትርጉሙ "4:00 ላይ ያበቃው ክፍል 4:00 ላይ ለሚጀምረው ይሰጣል" ነው። ምልክቱን ወደ `<` ብትቀይሩት 4:00 ላይ 1ኛውም 4ኛውም እኩል ክፍል እንደያዙ ይቆጠራል፣ መልሱም 4 ይሆናል። አንዲት ምልክት አንድ ሙሉ ክፍል ታመጣለች። የትኛው ነው ልክ? ይህን ኮዱ አይወስንም። ፈታኞች ወጥተው፣ ፕሮጀክተሩ ተነቅሎ፣ ቀጣዩ ተማሪ ላፕቶፑን እስኪሰካ ጊዜ ካስፈለገ፣ ያንን ጊዜ በግልጽ ማስገባት ይሻላል፦ ለእያንዳንዱ ማብቂያ 10 ደቂቃ ደምሩ። ያኔ በምሳሌያችን መልሱ 4 ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ሂፑ ላይ ያለ ነው። አንዳንድ ሰው ቁጥር መያዝ ትቶ በመጨረሻ የሂፑን መጠን ይቆጥራል። ይህ በ`if` ይሠራል፣ ምክንያቱም አንድ ፕሮግራም ሲመጣ ቢበዛ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሂፑ አያንስም። ነገር ግን "የተለቀቁትን ሁሉ ላጽዳ" ብሎ `if`ን ወደ `while` የሚቀይር ሰው አለ። ያኔ 7:30 ላይ የጠዋቶቹ ሦስቱም ይወጣሉ፣ 7ኛው ብቻውን ይቀራል፣ 8ኛው ሲጨመር ቀኑ በ2 ያልቃል። ፕሮግራሙም "2 ክፍል ይበቃል" ይላል። 3:30 ላይ ግን 3ኛው ተማሪ በር ላይ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ሁለቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን ስታስኬዱ ነው፤ ቁጥራቸው ከተለያየ አንዱ ጋ ችግር አለ።

ሦስተኛው ወጥመድ የሰዓት አጻጻፋችን ነው። ሰዓቱን እንደ ጽሑፍ ከደረደራችሁት "10:00" ከ"2:30" በፊት ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ 1ን ከ2 ጋር ስለሚያወዳድር። ለዚህ ነው ወደ ደቂቃ የለወጥነው። የእኛ አቆጣጠር እዚህ አንድ ጥቅም አለው፦ የሥራ ቀኑ ከ2 ወደ 11 እያደገ ስለሚሄድ እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ ተመልሶ አይጀምርም። የሚያስቸግረው ጎሕ ላይ ያለው 12:30 ነው፤ እሱ 30 ደቂቃ ተብሎ ካልተለወጠ ከቀኑ ሁሉ መጨረሻ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋው ግን መቀላቀል ነው። አንዱ ሰው 5ኛውን ፕሮግራም ስልኩ ላይ በሚያየው በፈረንጅ ሰዓት 10:30–11:00 ብሎ ላከ እንበል። የሚያስገርመው ነገር መልሱ 3 ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም 3:30 ላይ ያለው ጫፍ አልተነካም። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ተማሪው ግን በስድስት ሰዓት ልዩነት ሌላ ጊዜ ላይ ተመድቧል። ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት ከሁሉ ቀድሞ የሚጀምረውንና ከሁሉ ዘግይቶ የሚያበቃውን አትማችሁ እዩ። 9:30 ላይ ማለቅ የነበረበት ቀን 11:00 ላይ ካለቀ አንድ ሰው ሌላ ሰዓት ቆጣሪ ይዟል።

ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑስ?

እስካሁን አንድ ነገር ዝም ብለን ተቀብለናል፦ ማንኛውም ፕሮግራም ማንኛውም ክፍል ይገባል። አሁን ፕሮጀክተር ያለው ክፍል ሀ ብቻ ነው፣ ፕሮጀክተር የግድ የሚፈልገው ደግሞ 5ኛው ነው እንበል። ሂፑ ክፍል ሀን ለ1ኛው ሰጠ፣ 4:00 ላይ ደግሞ ለ4ኛው። 5ኛው 4:30 ላይ ሲመጣ ክፍል ሀ እስከ 6:00 ተይዟል። ሂፑ ክፍል ሐን ይሰጠዋል፣ እዚያ ግን ፕሮጀክተር የለም።

ሦስት ክፍል አልበቃም ማለት ነው? ይበቃል። ገና ከጠዋቱ 3ኛውን ክፍል ሀ፣ 1ኛውን ክፍል ሐ ብናስገባ ኖሮ፣ 4ኛው 4:00 ላይ ክፍል ሐ ይገባል፣ ክፍል ሀ 4:30 ላይ ይለቀቃል፣ 5ኛው ደግሞ ይይዘዋል። መፍትሔው ነበረ፤ ሂፑ ግን አላየውም፣ ምክንያቱም የሚያየው ቀድሞ የሚለቀቀውን እንጂ ወደፊት የሚመጣውን ፍላጎት አይደለም። አንድ ፈታኝ በሁለት ፕሮግራም ላይ ከተመደበም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም ዘዴዎች ስለ ክፍል እንጂ ስለ ሰው አያውቁም። እንዲህ ያለ ገደብ ሲመጣ የጠረጋው ቁጥር የታችኛው ወሰን ይሆናል፦ "ከ3 በታች በፍጹም አይሆንም" ይላችኋል፣ "3 ይበቃል" ግን አይላችሁም።

ለመለማመድ የሚሆን አንድ ነገር ልተውላችሁ። የ10 ደቂቃው ክፍተት አራተኛ ክፍል አስከፍቶን ነበር። 4ኛውን በ10 ደቂቃ፣ 5ኛውን በ10 ደቂቃ፣ 6ኛውን በ20 ደቂቃ ወደኋላ ግፏቸው፤ 4:10፣ 4:40 እና 5:20 ላይ ይጀምራሉ፣ የሚወስዱት ጊዜ አይቀየርም። ማብቂያዎቹ ላይ 10 ደቂቃ ደምራችሁ ጠረጋውን በወረቀት ላይ እንደገና አስኬዱት። ሦስት ተማሪዎች ትንሽ ዘግይተው ሲጀምሩ ቁጥሩ ወደ 3 ይመለሳል፣ አራተኛው ክፍልም ለትምህርት ክፍት ሆኖ ይቀራል።